ከጅምላ ነጋዴ ጋር የማከፋፈያ ውል እንዴት እንደራደር? ትርፍ፣ ብቸኝነትና ዱቤ

ከአነስተኛ አምራቾች የምሰማው ቅሬታ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ዕቃዬን ለአከፋፋይ ሰጠሁ፣ ዕቃው ተሸጠ፣ እኔ ግን ባዶ እጄን ቀረሁ።» አከፋፋዩ አልሰረቃቸውም። የከሰሩት ገና ሲፈራረሙ ነው። 10 ፐርሰንት ጠየቃቸው፣ እሺ አሉ። የ45 ቀን ዱቤ ጠየቃቸው፣ እሺ አሉ። «አካባቢው የእኔ ብቻ ይሁን» አላቸው፣ እሱንም እሺ አሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሚያስከፋ አይደለም። የሚወጡት ግን ሦስቱም ከአንድ ኪስ ነው።

ምሳሌዬ የራሴ ሥራ ነው። ሰበታ ላይ ፈሳሽ ሳሙና አመርታለሁ። ገዢዬ ዓለም ገና መጋዘን ያለው ጅምላ ነጋዴ ነው። በጅማ መንገድ ከወለቴ እስከ ተፍኪ ላሉ ሱቆች ያከፋፍላል። እናንተ ገላን ወይም ለገጣፎ ሆናችሁ በርበሬ ብታሽጉም ስሌቱ ያው ነው። የእኔን ቁጥር አውጥታችሁ የራሳችሁን አስገቡ።

ደረጃ 1፦ ቁጥራችሁን በካርቶን ሥሩ

ድርድሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ወረቀት ይኑራችሁ። ስሌቱን ከሱቁ መደርደሪያ ጀምራችሁ ወደ ራሳችሁ በር ውረዱ። ብዙዎቻችን በተቃራኒው እንሄዳለን። ወጪያችንን ደምረን፣ ትርፍ ጨምረን ዋጋ እንናገራለን። ከዚያ ሱቁ ላይ ሲደርስ ከተፎካካሪው በልጦ ይገኛል።

የእኔ ሳሙና ሱቅ ውስጥ በ95 ብር መሸጥ አለበት። ከዚያ ካለፈ እናቶች ጎን ያለውን ያነሳሉ። አንድ ካርቶን 12 ፍሬ ነው፣ ስለዚህ 1,140 ብር ይሆናል። ባለሱቁ ከአንድ ፍሬ 12 ብር ተኩል ገደማ ካላገኘ ዕቃውን ከታች ይደብቀዋል። ስለዚህ ካርቶኑን በ989 ብር መግዛት አለበት። ይህ 15 ፐርሰንት ቫት ያለበት ዋጋ ነው። ቫቱ ሲወጣ 860 ብር ይቀራል። ጅምላ ነጋዴው የሚሸጥበት ዋጋ እሱ ነው።

የእኔ መነሻ ዋጋ ቫት ሳይጨምር 800 ብር ነው። ለነጋዴው 60 ብር ይተርፈዋል። ዕቃው ከበሬ ሲወጣ 690 ብር ፈጅቶብኛል፤ ጥሬ ዕቃ፣ ጠርሙስ፣ ካርቶን፣ ጉልበት፣ መብራት። አይሱዙና ጫኝና አውራጅ ሲጨመር 705 ብር ደረሰ። ስለዚህ 95 ብር ይቀረኛል። ከዚህ ውስጥ ኪራይ፣ ጥበቃ፣ የሒሳብ ሠራተኛና ትርፌ ይወጣሉ።

አሁን ወለሉን ጻፉ። ወለል ማለት ከዚያ በታች ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ቤት የምትመለሱበት ቁጥር ነው። የእኔ በካርቶን የሚቀረኝ 65 ብር ነው። ይህን ቁጥር ለማንም አትንገሩ። አብሯችሁ ለሚሄድ ዘመድም ቢሆን። አንድ ጊዜ የአጎቴ ልጅ ሊያግዘኝ መጥቶ ሻይ ሳይቀርብ ነው የተናገረው።

*ማስጠንቀቂያ፦* ቫት ያለበትንና የሌለበትን ዋጋ አታደባልቁ። የንግግሩ መጀመሪያ ላይ «የማወራው ሁሉ ቫት ሳይጨምር ነው» በሉ። ይህ ሳይባል ቀርቶ 15 ፐርሰንቱን ከራሱ ኪስ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

ደረጃ 2፦ አንድ ቀን ዱቤ ስንት እንደሚያስከፍላችሁ እወቁ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ናቸው የሚከስሩት።

ገንዘባችሁ ነጋዴው ጋ ሲቀመጥ እናንተ ለጥሬ ዕቃ ትበደራላችሁ፣ ወይም ማምረት ታቆማላችሁ። ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ከባንክ፣ ከብድርና ቁጠባ ወይም ከወዳጅ ስትበደሩ በወር ስንት እንደሚያስወጣችሁ አስሉ። እኔ 2 ፐርሰንት በወር ብዬ እይዛለሁ። የ705 ብር 2 ፐርሰንት 14 ብር ነው። ስለዚህ የ30 ቀን ዱቤ በካርቶን 14 ብር ይበላል። 15 ቀን 7 ብር፣ 45 ቀን 21 ብር።

አሁን የዋጋ መሰላል መሥራት ትችላላችሁ። የእኔ ይህን ይመስላል፦

- እጅ በእጅ፦ 786 ብር
- በ15 ቀን፦ 793 ብር
- በ30 ቀን፦ 800 ብር

ሦስቱም ለእኔ እኩል ናቸው። ስለዚህ ነጋዴው የትኛውን ቢመርጥ አይከፋኝም። ፊቴ ላይም ያ ይታያል፣ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

ቫቱንም አትርሱ። ደረሰኝ ከቆረጣችሁ ገንዘቡ ገባም አልገባም የዚያን ወር ቫት ታሳውቃላችሁ። ዱቤው በረዘመ ቁጥር ያልተቀበላችሁትን ብር ለመንግሥት ቀድማችሁ የምትከፍሉበት ዕድል ይሰፋል።

ደረጃ 3፦ ነጋዴውን ሳያያችሁ እዩት

ግማሽ ቀን ይበቃል። የሚያከፋፍልበት መንገድ ላይ አምስት ስድስት ሱቅ ግቡና «ሳሙና ከማን ነው የምታመጡት? በስንት ቀን ይመጣላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሱቆች እውነቱን ይናገራሉ። የሚዋሹበት ምክንያት የላቸውም።

ከዚያ መጋዘኑ በር ላይ ቁሙ። ካርቶኖቹ አናት ላይ አቧራ ካለ ዕቃ አይንቀሳቀስም። እኔ ዓለም ገና የሄድኩ ቀን በጣቴ ጠርጌ አየሁት። ዘይቱና ፓስታው ንጹሕ ነበር። የሌላ ፋብሪካ ሳሙና ግን ጣቴን ግራጫ አደረገው። ሁለት ነገር ተማርኩ። ሰውየው ይሸጣል። ሳሙና ላይ ግን እጁ ደካማ ነው፣ ወይም ያ ፋብሪካ በቂ ትርፍ አልሰጠውም። ይህን ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

ንግድ ፈቃዱን etrade.gov.et ላይ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አረጋግጡ። ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ እዩ። የምትደራደሩት ከወንድሙ ጋር ሆኖ ፈቃዱ የሌላ ሰው ከሆነ፣ የሚፈርመው ባለፈቃዱ ወይም የውክልና ሥልጣን የያዘ ሰው መሆን አለበት። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ይፈርም፣ ማኅተሙም ይረፍበት።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ዋጋ በኋላ

ስትቀመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ከእሱ ይመጣል። «ስንት ፐርሰንት ትሰጠኛለህ?» አትመልሱ። መጀመሪያ የናንተን ጥያቄ አቅርቡ፦

«ጋሼ፣ 100 ካርቶን ቢራገፍልዎ በስንት ቀን ይጨርሱታል?»

ይህ ጥያቄ ወርቅ ነው። ጅምላ ነጋዴ ኩሩ ነው። ዕቃ ሞተብኝ አይልም። የእኔው ሳቅ ብሎ «ምን ማለትህ ነው አንተ ልጅ! ሳምንት አይሞላውም» አለኝ። ወረቀቴ ላይ «7 ቀን» ብዬ ጻፍኩ። ሲያየኝ ደስ አለው።

ሳምንት ውስጥ የሚሸጥ ሰው ከ15 ቀን በላይ ዱቤ ምን ያደርግለታል? 7 ቀን ይሸጣል፣ ሌላ 7 ቀን ከባለሱቆች ይሰበስባል። የቀረው ጊዜ በናንተ ገንዘብ ዘይት የሚገዛበት ነው። 45 ቀን ሲጠይቅ የራሱን ቃል ልታስታውሱት ትችላላችሁ፣ በትሕትና። «ጋሼ፣ ሳምንት አይሞላውም ብለውኛል። 15 ቀን እጥፍ ነው።» መልሱን ራሱ ስለሰጠ ሊቆጣ አይችልም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ መጠንና የሚሸጥበት ጊዜ። ከዚያ የክፍያ ቀን። ከዚያ ትርፍ። ብቸኝነት፣ ማለትም አካባቢውን ለእሱ ብቻ መስጠት፣ መጨረሻ። ብቸኝነትን መጀመሪያ ከሰጣችሁ በኋላ ምንም የምትሰጡት አይኖራችሁም፣ እሱ ግን ገና መጠየቁን ይቀጥላል።

*ቢበላሽስ?* «እኔ ጊዜ የለኝም፣ ፐርሰንቱን ንገረኝና እንጨርስ» ካለ፣ መሰላሉን ብቻ አሳዩትና ተነሱ። ስልክ ይደውላል። ካልደወለ ዕቃችሁን አልፈለገውም፣ ቢፈርምም አቧራ ሊያስበላው ነበር።

ደረጃ 5፦ ትርፉን በብር ተነጋገሩ፣ በፐርሰንት አይደለም

«10 ፐርሰንት» ሁለት ትርጉም አለው፣ ብዙ ጭቅጭቅም የሚመጣው ከዚያ ነው። ነጋዴው ከሚሸጥበት ዋጋ ላይ ካሰበ፣ የ860 ብር 10 ፐርሰንት 86 ብር ነው። እናንተ ከሚገዛበት ዋጋ ላይ ካሰባችሁ 78 ብር ገደማ ነው። ልዩነቱ 8 ብር ነው። በወር 400 ካርቶን ከሸጠ 3,200 ብር ሆነ። ሁለታችሁም ሳትዋሹ ትጣላላችሁ። ስለዚህ «በካርቶን ስንት ብር?» ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ውሉም ላይ ብሩን ጻፉ።

የእኔ ነጋዴ ያቀረበው ይህ ነበር፦ 10 ፐርሰንት ከመሸጫው፣ 45 ቀን ዱቤ፣ አካባቢው ለእሱ ብቻ። አስሉት። 860 ሲቀነስ 86፣ 774 ብር እሸጥለታለሁ ማለት ነው። ወጪዬ 705። 69 ቀረ። የ45 ቀን ዱቤ 21 ብር ይበላል። 48 ብር። ወለሌ 65 ነበር። «አይሆንም» ያልኩት ስለከፋኝ ሳይሆን ቁጥሩ ስላልሞላ ነው።

መልሴ እንዲህ ነበር። የ15 ቀኑን ዋጋ ከ793 ወደ 790 አወረድኩ። 3 ብር ለቀቅኩ፣ በምትኩ 45 ቀኑን አስቀረሁ። እንዲህ ሲሆን ለእሱ 70 ብር ይተርፈዋል። በተጨማሪ የሦስት ወሩን መጠን ከሞላ በካርቶን 8 ብር ጉርሻ። ድምሩ 78 ብር ሆነ። ካልኩሌተሩን አውጥቶ በአውራ ጣቱ ሲጫን ዝም አልኩ። 78 ብር ከሚገዛበት ዋጋ ላይ ሲታሰብ 10 ፐርሰንት ገደማ እንደሆነ ራሱ አገኘው።

እኔ ጋ ስንት ቀረ? 790 ሲቀነስ 705፣ 85። የ15 ቀን ዱቤ 7፣ ጉርሻ 8። 70 ብር። ከወለሌ 5 ብር በላይ።

ጉርሻ ከቅናሽ የሚሻልበት ምክንያት አለ። ቅናሽ ሸጠም አልሸጠም ይወስደዋል። ወደ ባለሱቅም አሳልፎ ዋጋ ሊሰብርበት ይችላል። ጉርሻ የሚገኘው ሥራው ከተሠራ በኋላ ነው። ሁለት ሁኔታ አስገቡበት፦ መጠኑ መሙላት፣ ክፍያውም በቀኑ መግባት። የሚሰጠውም ከሚቀጥለው ጭነት ሒሳብ ተቀንሶ እንጂ በጥሬ ብር አይሁን። አያያዙን ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ምክንያቱም የተቆረጠ ደረሰኝ ላይ ቅናሽ በቃል አይደረግም።

*ማስጠንቀቂያ፦* «ከ860 በታች እንዳትሸጥ» ብላችሁ ውል ላይ አትጻፉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አምራች ለአከፋፋዩ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ እንዲወስን አይፈቅድም። «የሚመከር መሸጫ ዋጋ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ዋጋ የሚሰብር ከሆነ ጉርሻውን ከመጠንና ከክፍያ ጋር ማሰራችሁ ይበቃል፣ ትርፉን ራሱ ነው የሚበላው።

ደረጃ 6፦ ክፍያ፦ «አሮጌው ሳይከፈል አዲሱ አይራገፍም»

የዱቤ ቀን ብቻውን አይጠብቃችሁም። ዋናው ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስንት ብር ውጭ እንዳለ ነው።

በየሳምንቱ 100 ካርቶን ታወርዳላችሁ እንበል፣ በ30 ቀን ዱቤ፣ በ800 ብር። የመጀመሪያው ሳይከፈል አምስት ጭነት ይደራረባል። በቫት 920 ብር ሒሳብ፣ 500 ካርቶን 460,000 ብር ነው። ነጋዴው ያን ቀን ቢታመም ወይም ቢጠፋ ያ ሁሉ እሱ ጋ ነው። አንድ ጭነት ብቻ ውጭ ካለ ግን 92,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ቤት ያዘጋል። ሁለተኛው ያማል፣ ግን ትተርፋላችሁ።

ስለዚህ ውሉ ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይግቡ። አንደኛው፦ ያልተከፈለው ድምር ከዚህ ብር አይበልጥም። ሁለተኛው፦ የቀደመው ጭነት ተከፍሎ ካላለቀ አዲስ ጭነት አይራገፍም። ቀኑና ጣሪያው አብረው ይሠራሉ፣ ከሁለቱ የቀደመው ያስቆማል። የእኔ ጣሪያ የአንድ ጭነት ዋጋ ነው። ፈጥኖ መሸጥ ከፈለገ ፈጥኖ ይክፈል።

ዱቤው ከመቼ እንደሚቆጠርም ጻፉ። «ከሽያጭ በኋላ» የሚለውን ቃል አትቀበሉ። እሱ ዱቤ አይደለም፣ ዕቃችሁን አደራ መስጠት ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ተራግፎ ማስረከቢያው ላይ ከተፈረመበት ቀን ነው። ማስረከቢያው ላይ የካርቶን ብዛት፣ ቀን፣ የተረካቢ ስምና ፊርማ ይኑር። ሹፌራችሁ ሳያስፈርም እንዳይመለስ። እኔ ጋ አንድ ጊዜ የመጋዘን ጠባቂ ፈርሞ «እሱ የእኔ ሠራተኛ አይደለም» የሚል ክርክር ተነስቷል። ከዚያ ወዲህ የተረካቢዎች ስም ዝርዝር ከውሉ ጋር ይያያዛል።

ነጋዴው ዊዝሆልዲንግ የመቁረጥ ግዴታ ካለበት፣ የቆረጠበትን ደረሰኝ ከክፍያው ጋር ይስጥ። ደረሰኙ ካልመጣ የተቆረጠው ብር ያልተከፈለ ሒሳብ ነው ብላችሁ ጻፉ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ለአንድ ወረቀት መጋዘን በር ላይ መቆም አሰልቺ ነው።

*ስለ ቼክ።* ብዙ ነጋዴ «ቼክ ያዝልኝ» ይላል። ያዙ፣ ግን ገንዘብ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ስንቅ የሌለው ቼክ እያወቁ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ቅጣቱ ግን ሳሙናችሁን አይመልስም። ትልቅ መጠን ከሆነ የባንክ ዋስትና ጠይቁ። ለትንሽ መጠን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጭነቶች እጅ በእጅ አድርጉና ዱቤው ከሦስተኛው ይጀምር። የእኔ ነጋዴ በዚህ አኩርፎ ነበር። «ለእኔ?» አለ። «ጋሼ፣ ከእርስዎ በፊት ላለፈው ሁሉ ያደረግኩት ነው» አልኩት። እውነትም ነበር። ወዲያው ከፈለ።

*ቼኩ ደረቅ ቢሆንስ?* ባንኩ ክፍያ የከለከለበትን ምክንያት በጽሑፍና በማኅተም ተቀበሉ። ቼኩን ለነጋዴው አትመልሱ፣ «አዲስ እጽፍልሃለሁ» ቢልም። ብሩ ሲገባ ትመልሳላችሁ። ጭነት አቁሙ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ ጠበቃ ለማማከርም ቀናት አታሳልፉ።

ደረጃ 7፦ ብቸኝነትን በመጠን ሽጡ

«አካባቢው የእኔ ብቻ ይሁን» ተገቢ ጥያቄ ነው። ነጋዴው ዕቃችሁን ሱቆች ጋ ያስተዋውቃል፣ ነገ ሌላ ሰው በ5 ብር ቀንሶ ቢመጣበት ልፋቱ ከንቱ ነው። ግን ብቸኝነት ስትሰጡ ሌላውን በር ሁሉ ትዘጋላችሁ። እሱ ከተኛ አብራችሁ ትተኛላችሁ።

አራት ነገር ሳይጻፍ ብቸኝነት አትስጡ።

*ቦታ።* «ሰበታና አካባቢዋ» አትበሉ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ገላን አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፣ የአስተዳደር ወሰን ይቀየራል። ሰፈርና መንገድ ጥሩ። የእኔ ውል «በጅማ መንገድ ከወለቴ እስከ ተፍኪ፣ መንገዱን ተከትለው ያሉ ሱቆች» ይላል። አየር ጤና የለበትም። ቱሉ ቦሎም የለበትም። ሁለቱንም ለማስገባት ሞክሮ ነበር። «ተፍኪን አጥግበው ያሳዩኝ፣ ቱሉ ቦሎ አይርቅም» አልኩት።

*የደንበኛ ዓይነት።* ብቸኝነቱ ለሱቆች ነው። ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ ሱፐርማርኬት፣ ከፋብሪካ በር የሚገዛ ሰው የናንተ ይሁኑ። ቀድሞ የነበሩ ደንበኞቻችሁን ስማቸውን ዘርዝራችሁ አያይዙ።

*መጠን።* ቀስ ብሎ የሚያድግ ቁጥር አስቀምጡ። የእኛ የመጀመሪያ ወር 200፣ ሁለተኛ 300፣ ሦስተኛ 400 ካርቶን ነበር። መጠኑ የሚቆጠረው በተከፈለ ካርቶን እንጂ በታዘዘ አይደለም። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ታድናለች፣ አለበለዚያ ወሩ መጨረሻ ላይ ቁጥር ለመሙላት ብቻ በዱቤ ያነሳል።

*ማብቂያ።* የመጀመሪያው ጊዜ ሦስት ወር ይሁን። ሁለት ወር በተከታታይ መጠኑን ካልሞላ ብቸኝነቱ በራሱ ይቀራል፣ ውሉ ግን ይቀጥላል። እንዲህ ከተጻፈ ጠብ የለም። ሰውየው ደንበኛችሁ ሆኖ ይቆያል፣ እናንተም ሌላ አከፋፋይ ትጨምራላችሁ። እናንተ ዕቃ ማቅረብ ካቃታችሁ ግን ያ ወር አይቆጠርበትም። ይህን ራሳችሁ አንሱት። እኔ ሳነሳው ፊቱ ሲፈታ አየሁት፣ ከዚያ በኋላ የቀረው ቀለለ።

ቃል ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ብቸኛ ወኪል» ብላችሁ አትጻፉ፣ «ብቸኛ አከፋፋይ» በሉ። ወኪል በናንተ ስም የሚሠራ ሰው ነው፣ የገባው ቃል ወደናንተ ሊመጣ ይችላል። አከፋፋይ ግን ገዝቶ በራሱ ስም የሚሸጥ ነው። ገበያ ላይ ሁለቱን እየቀላቀልን እንጠራለን፣ ወረቀት ላይ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

*ዕቃው ለአከፋፋዩ ከተሰጠው አካባቢ ቢወጣስ?* የእናንተ ሳሙና መርካቶ ላይ ከናንተ ዋጋ በታች ሲሸጥ ታገኙ ይሆናል። ማን እንዳወጣው ለማወቅ ካርቶኑ ግርጌ ለእያንዳንዱ አከፋፋይ የተለየ ምልክት አትሙ። እኔ በማኅተም ቀለም አንዲት ፊደልና የጭነት ቁጥር እመታለሁ። ምልክቱ ያለበትን ካርቶን ገዝታችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ተነጋገሩ። ያለ ማስረጃ ከተነጋገራችሁ ይምልላችኋል፣ ታምኑታላችሁ፣ ይቀጥላል።

ደረጃ 8፦ የዋጋ ለውጥና የተበላሸ ዕቃ

ዋጋን ለዓመት አትሰሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የውጭ ጥሬ ዕቃ የምንጠቀም ሁሉ አይተነዋል። የዓመት ዋጋ ውል የፈረሙ ሰዎች ወይ በኪሳራ አቀረቡ፣ ወይ ውል አፈረሱ። ዋጋ በ10 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይቀየር። የታዘዘና የተከፈለበት ዕቃ ግን በአሮጌው ዋጋ ይውጣ። የነጋዴው በካርቶን 70 ብር እንደማይነካ ጻፉ፣ ያኔ የዋጋ ጭማሪ ስትሉ አይደነግጥም።

ለፈሳሽ ነገር ማፍሰስ ዋናው ጭቅጭቅ ነው። አንድ ጠርሙስ ካፈሰሰ ካርቶኑ ሁሉ ይበሰብሳል። ሲራገፍ ተቆጥሮ ይታይ፣ እርጥብ ካርቶን እዚያው ይመለስ። በክዳን ችግር የፈሰሰ በ7 ቀን ውስጥ ካሳወቀ እኔ እቀይራለሁ። መጋዘኑ ውስጥ የተሰበረ የእሱ ነው። ያልተሸጠ ዕቃ አይመለስም። እዚህ ላይ አትለሳለሱ። «ካልተሸጠ ይመለሳል» ካላችሁ ቀደም ያልናቸው ሁሉ ፈረሱ።

ደረጃ 9፦ መፈረም

የተስማማችሁበትን በዚያው ምሽት በአጭሩ ጽፋችሁ በቴሌግራም ላኩለት። «ጋሼ፣ ዛሬ የተስማማነው ይህ ነው» በሉ። ስህተት ካለ አሁን ይታረማል። ከዚያ ውሉ ይጻፍ። በጽሑፍ ለሚደረግ ውል የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሁለት ምስክሮችን ፊርማ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ምስክሮቹ ከሁለቱም ወገን ይሁኑ። መጠኑ ትልቅ ከሆነ ውልና ማስረጃ ወስዳችሁ አረጋግጡት። እያንዳንዱ ገጽ ይፈረምበት።

*ሊፈረም ሲል አዲስ ጥያቄ ቢያመጣስ?* ያመጣል። እስክሪብቶ ይዞ «30 ቀን አድርጋት እንጂ» ይላል። እምቢም እሺም አትበሉ፣ መሰላሉን አውጡ። «ይቻላል ጋሼ፣ 797 ይሆናል።» የእኔው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «አንተ ልጅ የማን ልጅ ነህ?» አለና በ15 ቀኑ ፈረመ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው መዘግየት

የመጀመሪያው ክፍያ የሚዘገይበት ቀን ይመጣል። እኔ ጋ በሰባተኛው ጭነት መጣ፣ ሦስት ቀን ዘገየ። በዚያ ሰሞን አይሱዙው ተጭኖ ነበር።

በዚያ ቀን የምታደርጉት ውሉ ላይ ከጻፋችሁት ይበልጣል። መኪናውን አስቁሙ። ደውሉና በትሕትና ንገሩት፦ «ጋሼ፣ መኪናው ተጭኗል፣ ያለፈው እንደገባ ይነሳል።» ድምፅ አታሳድጉ፣ ስለ እምነት አታውሩ። አንድ ጊዜ «ግድ የለም» ብላችሁ ካራገፋችሁ፣ ያ 15 ቀን ከዚያ በኋላ 25 ነው። ከሳምንት በላይ ከዘገየ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ አድርጉና ቀን ቁረጡ። በኋላ ክስ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ወረቀት ነው።

የእኔው ስልኩን ዘጋብኝ። መኪናው ሰበታ ግቢ ውስጥ እንደተጫነ አደረ። በነጋታው ሦስት ሰዓት ላይ የባንክ መልእክቱ ገባ፣ አራት ሰዓት ላይ ሹፌሩ ወጣ። ስደርስ ሻይ አስመጣልኝ፣ ስለ ትናንቱ አንድም ቃል አልተናገርንም።